ክሊኒኩ ከመከፈቱ በፊት፦ የማለዳ ቼክሊስትን በስልክ አፕ ማዘጋጀት

ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፋ እንበል። የመጣው እሑድ እኩለ ቀን ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት ነርሷ መርፌ ክፍል ገብታ ፍሪጁን ስትከፍት ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ ይላል። ኢንሱሊን፣ ኦክሲቶሲንና የቴታነስ ክትባት የሚቀመጡት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ስለሆነ 5 ጥሩ ቁጥር ነው። ስልኳን አውጥታ «ፍሪጅ ታይቷል» በሚለው መስመር ላይ ራይት አደረገች። አልዋሸችም፤ ፍሪጁን አይታለች። ነገር ግን እሑድ ረፋድ ላይ ውስጡ 14 ዲግሪ ደርሶ ከነበረ ራይቱ ይህን አይናገርም። ዝቅተኛና ከፍተኛ የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ካለ ግን መረጃው እዚያው ተቀምጧል፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ማየት ብቻ ነበር የቀረው።

የክሊኒክን የማለዳ ሥራ ከግድግዳ ወረቀት ወደ ስልክ አፕ ማዛወር የሚፈልጉ ባለቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት የትኛው አፕ እንደሚሻል ነው። ከዚያ በፊት መልስ የሚያስፈልገው ሌላ ጥያቄ አለ፤ እያንዳንዱ መስመር ምን እንዲታይ ያስገድዳል? «ፍሪጅ ታይቷል» የሚለው መስመር በየማለዳው በሰዓቱ ስልኩን ቢያንጫጫም የሚያመጣው ያንኑ ባዶ ራይት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መስመሮቹን እንጻፍ፣ ከዚያ ወደ አፑ እንሂድ። ምሳሌያችን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2:00 የሚከፈት፣ አንድ ነርስ፣ አንዲት የካርድ ክፍል ሠራተኛና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በማለዳ የሚገቡበት አነስተኛ ክሊኒክ ይሁን።

መስመሩ ምን ይጠይቅ?

ጥሩ መስመር ቁጥር ወይም አንድ የሚታይ ነገር ይጠይቃል። ፍሪጁን በሚመለከት እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «የፍሪጅ ሙቀት፤ የአሁኑ፣ ዝቅተኛው፣ ከፍተኛው ይጻፍ፤ ከዚያ ቴርሞሜትሩ ሪሴት ይደረግ»። ሪሴቱ ከተረሳ የነገው ጠዋት ንባብ የትናንቱን ከፍተኛ ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ አዲስ ችግርና አሮጌ ችግር አይለዩም። ለሦስት ቀን ያህል አንድ ዓይነት ከፍተኛ ቁጥር ተደጋግሞ ከተጻፈ ሪሴት እየተደረገ እንዳልሆነ፣ ወይም ቁጥሩ ሳይታይ ከትናንቱ እየተገለበጠ እንደሆነ መጠርጠር ነው።

በዚያው መስመር ሥር፣ ቁጥሩ ከ2 እስከ 8 ካልሆነ ምን እንደሚደረግም መጻፍ አለበት። ማለዳ ላይ ብቻዋን ያለች ነርስ ይህን ከራሷ እንድታመነጭ መጠበቅ ተገቢ አይደለም። «ምንም አይሰጥ፣ ምንም አይጣል፤ መድኃኒቶቹ ቅዝቃዜያቸው ሳይቋረጥ ተለይተው ምልክት ይደረግባቸው፤ ለኃላፊው ይደወል» ቢባል በቂ ነው። መጣልን መከልከሉ የራሱ ምክንያት አለው። አንዳንዱ መድኃኒት ለአጭር ጊዜ ከ8 ዲግሪ በላይ መሆንን ይችላል፤ የቆየበትን ሰዓትና የአምራቹን መመሪያ አይቶ መወሰን ይቻላል። ከዜሮ በታች መውረድ ግን ሌላ ነገር ነው። በረዶ የሆነ ኢንሱሊንም ሆነ የቴታነስ ክትባት ቀልጦ ደህና ቢመስልም ለሰው አይሰጥም። ብዙ ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ነው፤ ዝቅተኛው ቁጥር ከከፍተኛው እኩል መታየት አለበት።

የኦክስጅን መስመርም እንዲሁ ነው። «ኦክስጅን አለ» የሚል ራይት ምንም አይጠቅምም፤ ሲሊንደሩ ባዶም ቢሆን ክፍሉ ውስጥ ቆሟልና። መስመሩ የሚጠይቀው የጌጁን ንባብ ነው። የቀረው ኦክስጅን በግምት የሲሊንደሩ መጠን በሊትር ሲባዛ በግፊቱ በባር ነው። 40 ሊትር የሚይዝ ትልቅ ሲሊንደር 50 ባር ካሳየ 2000 ሊትር ያህል አለው፤ በደቂቃ 5 ሊትር ቢሰጥ 400 ደቂቃ፣ ማለትም ከ6 ሰዓት ተኩል በላይ ይቆያል። ያው 50 ባር በ10 ሊትር ሲሊንደር ላይ ሲሆን ግን ያለው 500 ሊትር፣ የሚቆየውም 100 ደቂቃ ብቻ ነው። መርፌው የቆመበት ቦታ አንድ ሆኖ ትርጉሙ እንዲህ ስለሚራራቅ፣ ክሊኒኩ ለራሱ ሲሊንደር «ከዚህ በታች ከሆነ ይቀየር» የሚል አንድ ቁጥር ወስኖ በመስመሩ ላይ መጻፍ አለበት። የጌጁ መለኪያ ባር ካልሆነም ቁጥሩ ጌጁ በሚያሳየው መለኪያ ይጻፍ። ንባቡ ከተወሰደ በኋላ ቫልቩ መዘጋቱም በዚያው መስመር ይካተት።

የበረኪና ውሃ የሚዘጋጀው በየቀኑ ስለሆነ ለጽዳት ሠራተኛዋ የሚሆን መስመር ነው። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነና የሚፈለገው 0.5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ነው፤ ለአምስት ሊትር ባልዲ ግማሽ ሊትር በረኪናና አራት ሊትር ተኩል ውሃ። መስመሩ ላይ «1 ለ 9» ተብሎ መጻፉ ብቻ አይበቃም፤ የሌላ አምራች በረኪና የተገዛ ዕለት ልኬቱ ሊቀየር ይችላልና «ጠርሙሱ ላይ 5% መባሉ ይታይ» የሚል ይጨመርበት። የትናንቱ መደፋቱም ይጻፍ፤ ካልተጻፈ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጨመራል።

የቀሩትን ቶሎ እንለፋቸው። የድንገተኛ መድኃኒት ትሪው ማሸጊያ አለመቀደዱ ይታያል፤ ከተቀደደ ውስጡ ይቆጠራል። የስለታማ ነገሮች ማስወገጃ ሳጥን ሦስት አራተኛው ከሞላ ይዘጋና ይቀየራል። የእጅ መታጠቢያው ውሃና ሳሙና ይታያል። ካርድ ክፍል ኮምፒውተሩና የገንዘብ መቀበያው መሥራታቸው ይሞከራል። መብራት ማብራትንና በር መክፈትን ግን ዝርዝሩ ውስጥ አለማስገባት ነው፤ ሳይደረጉ ሥራ ስለማይጀመር ማንም አይረሳቸውም። እንዲህ ያሉ መስመሮች ሲበዙ ጣት ሳያነብ መንካትን ይለምዳል፤ የፍሪጁም መስመር በዚያው ጉዞ ይነካል።

ራይትና ሥራ ሊለያዩ እንደሚችሉ በትልልቅ ሆስፒታሎችም ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው 19 ነጥቦች ያሉት የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት በመጀመሪያ በተሞከረባቸው ስምንት ሆስፒታሎች ሞትንና ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጡ ችግሮችን ሲቀንስ ታይቶ ነበር። በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት በ101 ሆስፒታሎች ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ግን በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ጉልህ ለውጥ አላገኘም፤ ሆስፒታሎቹ ዝርዝሩን ሞልተናል ሲሉ ግን ያቀረቡት ቁጥር እጅግ ከፍተኛ ነበር። ልዩነቱን ምን እንዳመጣው ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ለእኛ የሚበቃን የተሞላ ዝርዝር የተሠራ ሥራ ማስረጃ ሆኖ ብቻውን እንደማይቆም ማወቁ ነው።

አፑ ላይ ሲገባ

የሚደጋገም ሥራ የሚይዙ አፖች ብዙ ናቸው። እዚህ ምሳሌ የምናደርገው ቶዱይስትን ነው፤ ቀኑን በጽሑፍ ስለሚቀበል ምን እንዳዘዝነው በግልጽ ይታያልና። መጀመሪያ አንድ ፕሮጀክት ይከፈትና ለሦስቱም ሠራተኞች ይጋራል። በውስጡ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዋና ሥራ ይፈጠራል፤ «የነርስ ማለዳ»፣ «የካርድ ክፍል ማለዳ»፣ «የጽዳት ማለዳ»። ከላይ የጻፍናቸው መስመሮች በየባለቤታቸው ዋና ሥራ ሥር ንዑስ ሥራ ሆነው ይገባሉ፤ ቅደም ተከተላቸውም ሰውየው ክፍሎቹን በሚዞርበት መንገድ ይሁን። ድግግሞሹ የሚሰጠው ለዋናው ሥራ ነው። በቀን ቦታው ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦

```
every mon, tue, wed, thu, fri, sat at 7:15am
```

እዚህ ላይ ሰዓቱ ብዙዎችን ያሳስታል። እኛ ከጠዋቱ 1:15 የምንለው ለአፑ 7:15 ነው። በራሳችን አቆጣጠር 1:15 ብሎ የጻፈ ሰው ማሳሰቢያው ወይ ከሌሊቱ 7:15 ወይ ከቀኑ 7:15 ይደርሰዋል። የሌሊቱ ከሆነ ስልኩ ሰው ተኝቶ ይጮህና ጠዋት ሥራው ጊዜው እንዳለፈበት በቀይ ይታያል፤ የቀኑ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ምንም አይጮህም። በየማለዳው ያለፈበት ሆኖ የሚጠብቅ ዝርዝር ካለ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ስድስት ሰዓት መደመር፣ `am` ወይም `pm` የሚለውንም አለመተው።

ዋናው ሥራ ራይት ሲደረግበት ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይዛወራል፤ ንዑስ መስመሮቹም ባዶ ሆነው ይመለሳሉ። ምቹ ነው፤ ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለው። መስመሮቹ ሳይነኩ ዋናው ላይ ብቻ አንድ ራይት ቢደረግ አፑ አይከለክልም፤ ሁሉም አብሮ ወደ ነገ ይሄዳል። በችኮላ ወይም በስህተት ጣት አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል። ስለዚህ ለሠራተኞቹ ሁሉ አንድ ደንብ ይነገር፤ ዋናው የሚነካው የመጨረሻው መስመር ካለቀ በኋላ ነው። ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በአንድ የሙከራ ሥራ ላይ ሁለት መስመር አስገብቶ፣ አንዱን ብቻ ራይት አድርጎ ዋናውን መዝጋትና ምን እንደሚሆን ማየት ደግ ነው። በሌላ አፕ ለሚሠሩም ይህ ሙከራ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ አፕ የሚደጋገም ሥራ ንዑስ መስመር እንዲኖረው ጭራሹን አይፈቅድም።

በየቀኑ ያልሆኑ ሥራዎች ላይ ደግሞ አንዲት ምልክት ትልቅ ለውጥ ታመጣለች። `every 30 days` ብንል ቀጣዩ ቀን የሚቆጠረው አስቀድሞ ከተያዘው ቀን ነው፤ ሥራው በአምስት ቀን ቢዘገይም መርሐ ግብሩ አይናጋም። `every! 30 days` ካልን ግን ቆጠራው የሚጀምረው ሥራው ከተሠራበት ቀን ነው። የፍሪጁን በረዶ ማቅለጥና ማጽዳት ለሁለተኛው ይስማማል፤ ዛሬ የጸዳ ፍሪጅ ወር ሳይሞላው እንደገና የሚጸዳበት ምክንያት የለም። ጊዜያቸው ሊያልፍ የደረሱ መድኃኒቶችን መለየት ግን ለመጀመሪያው ነው፤ የመድኃኒቱ ቀን እኛ ስለዘገየን አይዘገይም።

በየወሩ የሚሠራውን በእኛ ወር መጀመሪያ ላይ ማድረግ የሚፈልግ ክሊኒክ `every month` ቢል ቀኑ ከኢትዮጵያ ወር ጋር አይገጥምም፤ አፑ የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ነው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ መስከረም 1 ላይ የተጀመረ `every 30 days` ጥቅምት 1፣ ኅዳር 1 እያለ እስከ ነሐሴ 1 ሳይዛነፍ ይሄዳል። ከነሐሴ በኋላ ግን ጳጉሜን 1 ላይ ያርፋል፤ ካልተስተካከለም የሚቀጥለው ዓመት ሁሉ በአምስት ወይም በስድስት ቀን ይቀድማል። በዓመት አንዴ፣ በመስከረም 1 አዲስ መነሻ ቀን መስጠት ነው።

ቀን የሌላቸው ሥራዎችም አሉ። የስኳር መለኪያውን በመፈተሻ ፈሳሽ ማየት የሚገባው አዲስ የስትሪፕ ዕቃ ሲከፈት ወይም መሣሪያው ሲወድቅ ነው። ይህን በየሰኞው አድርጉ ብሎ አፕ ውስጥ መክተት አያዋጣም፤ ዕቃው ማክሰኞ ቢከፈት ስድስት ቀን ያልፋል። ማሳሰቢያው የሚቀመጥበት ቦታ የስትሪፕ ካርቶኑ ራሱ ነው፤ ትንሽ ወረቀት ይለጠፍበት።

ያለፈ ቀን የት ይገባል?

የሚደጋገም ሥራ እንደ ደብዳቤ አይከማችም። ሰኞና ማክሰኞ ዝርዝሩን ማንም ካልነካው ረቡዕ ጠዋት የሚታየው ሦስት ዝርዝር ሳይሆን ከሰኞ ጀምሮ ያለፈበት አንድ ዝርዝር ነው። ረቡዕ አንድ ጊዜ ሲዘጋ ቀዩ ይጠፋል፤ ሁለቱ ቀናትም አብረው ይጠፋሉ። ለሳሙናና ለካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ይህ ብዙም አይጎዳም። ለፍሪጁ ይጎዳል፤ ያልተነበበ ቀን መኖሩን ራሱን ማወቅ ያስፈልጋልና።

መፍትሔው የፍሪጁን መስመር ከነርሷ ዝርዝር አውጥቶ ለየቀኑ ራሱን የቻለ ሳምንታዊ ሥራ ማድረግ ነው፦

```
every mon at 7:15am
every tue at 7:15am
```

እንዲህ እያለ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሥራዎች ይሆናሉ። ሰኞ ያልተነበበ እንደሆነ የሰኞው ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ የማክሰኞው ደግሞ በራሱ ይመጣል። መስመሩን መለወጥ ሲያስፈልግ ስድስት ቦታ መለወጥ ግድ ስለሚሆን ለሁሉም ሥራ እንዲህ ማድረግ አይመከርም፤ ለፍሪጁ ግን ድካሙ ይካሳል። እሑድ የሚገባ ሰው ከሌለ ለእሑድ ሥራ አይፈጠርም፤ የሰኞው መስመር «ከቅዳሜ ወዲህ ያለው ዝቅተኛና ከፍተኛ» ተብሎ ይጻፋል። ቅዳሜ የመጨረሻው ሰው ሪሴት ካደረገው፣ ሰኞ የሚነበበው ቁጥር ክሊኒኩ ተዘግቶ የቆየበትን ጊዜ በሙሉ ይናገራል። ፍሪጁ ክትባት የያዘ ከሆነ ከሰዓት በኋላም የሚነበብ ሁለተኛ ንባብ ያስፈልጋል።

በዓላትን አፑ አያውቃቸውም። ገናና ጥምቀት ክሊኒኩ ዝግ ከሆነ ዝርዝሩ ያለፈበት ሆኖ ይጠብቃል፤ በማግስቱ የገባው ሰው ቀዩን ለማጥፋት ራይት ካደረገው በተዘጋ ቀን ሥራ እንደተሠራ ተመዘገበ ማለት ነው። ትክክሉ ቀኑን ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ማሳለፍና ኮሜንቱ ላይ «ዝግ» ብሎ መጻፍ ነው። ቀኑን ሲያሳልፉ የድግግሞሹ ትእዛዝ አብሮ እንዳይጠፋ ማየት ነው፤ `every` የሚለው ቃል ከቦታው ከተሰወረ ሥራው አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ ይቀራል፣ ከዚያ ወዲያ ስለማይጮህም መጥፋቱን ማንም ቶሎ አያስተውልም።

ማን ነካው?

ሦስቱም ሠራተኞች በአንድ አካውንት ከገቡ ራይቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ይግባ፤ ስልኩ የክሊኒኩ ሊሆን ይችላል፣ አካውንቱ ግን የየራስ ነው። ሥራ የለቀቀ ሰውም በዚያው ዕለት ከፕሮጀክቱ ይወጣ። ኮሜንት ላይ የፍሪጅና የኦክስጅን ቁጥር ይጻፋል፤ የታካሚ ስም፣ የካርድ ቁጥር ወይም የምርመራ ውጤት ግን ፈጽሞ አይጻፍም።

ኢንተርኔት ቢቋረጥ አፑ ስልኩ ላይ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ራይቱ ለሌሎች የሚታየው ግንኙነቱ ሲመለስ ነው። ስለዚህ ኃላፊው ከቤቱ ሆኖ ባዶ ዝርዝር ቢያይ ከመቆጣቱ በፊት ይደውል። የፍሪጅ ሙቀት መመዝገቢያ ወረቀትም ከፍሪጁ በር ላይ አይነሳ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ አፑም መዝገብ ቤት አይደለም። ንዑስ መስመሮቹ በየቀኑ ባዶ ስለሚሆኑ የትናንቱ የሚገኘው በእንቅስቃሴ ታሪኩ ውስጥ ብቻ ነው፤ በነፃው አገልግሎት ደግሞ የሚታየው የቅርብ ቀናት ታሪክ ነው።

ያ ታሪክ ግን በሁለት ሳምንት አንዴ መታየት አለበት። የሚፈለገው ያልተነካ መስመር ብቻ አይደለም። የነርሷ መስመሮች ሁሉ በተመሳሳይ ደቂቃ የተነኩባቸው ቀናት ካሉ፣ ሲሊንደሩ ያለበት ክፍልና የእጅ መታጠቢያው በአንድ ደቂቃ አይደረስምና ራይቱ የተደረገው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ይህ ሲገኝ መጀመሪያ ነርሷን መጠየቅ ነው፤ ምናልባት 1:15 ላይ ስልኩ ካርድ ክፍል ተቆልፎበት ይሆናል፣ ምናልባትም የመጀመሪያው ታካሚ በር ላይ እየጠበቃት 45 ደቂቃ አልበቃት ይሆናል። መልሱ የዝርዝሩን ሰዓት ወይም የስልኩን ቦታ ሊቀይር ይችላል። በዚሁ ግምገማ፣ አንድም ጊዜ ችግር ያላሳየና ቢሳሳትም ጉዳት የማያመጣ መስመር ይሰረዝ። ችግር ባያሳይም ሲሳሳት ሰው የሚጎዳ መስመር፣ እንደ ኦክስጅኑ ያለው፣ ይቆይ። አዲስ መስመር የሚጨምርና የሚሰርዝ አንድ ሰው ተለይቶ ይታወቅ፤ በለወጠ ቁጥርም ለሦስቱ በቃል ይንገራቸው፣ አፑ ውስጥ የተቀየረ አንድ ቃል ለለመደ ዓይን አይታይምና።